በትንሽ ገንዘብ የመጀመሪያውን የጌም ማሽን ለሚገዙ፦ ኮንሶል፣ ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኮንሶሉን አንዴ ከገዛሁ ሌላ ወጪ የለብኝም»

ቤት ውስጥ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ያለው ቴሌቪዥን ካለ፣ ፍላጎቱም ከወንድምና ከጓደኛ ጋር ኳስ መጫወት ብቻ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም መግዛት ጥሩ ውሳኔ ነው። የኳስ ጨዋታው ኤፍሲ 26 ለዚህ ማሽን ጭምር ወጥቷል። ወጪው የሚጀምረው ግን ማሽኑ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ሁለተኛ ጆይስቲክ ያስፈልጋል፣ ጨዋታ ያስፈልጋል፣ ኤፍሲን በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ለመጫወት ደግሞ ፕሌይስቴሽን ፕላስ የሚባለውን ደንበኝነት በየጊዜው መክፈል የግድ ነው። እንደ ፎርትናይት ያሉ በነጻ የሚጫኑ ጨዋታዎች ይህን ክፍያ አይጠይቁም።

ክፍያው ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። የፕሌይስቴሽን አካውንት ሲከፈት ከሚመረጡት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ የለችም፤ ስለዚህ እዚህ ያሉ ተጫዋቾች አካውንታቸውን በአሜሪካ፣ በኤምሬትስ ወይም በሌላ አገር ስም ይከፍታሉ። የተመረጠው አገር ኋላ አይቀየርም፤ የስጦታ ካርዱም ከዚያው አገር መሆን አለበት። ዱባይ ያለች እህት የላከችው የኤምሬትስ ካርድ በአሜሪካ አካውንት ላይ አይሠራም። አካውንቱን ከመክፈትዎ በፊት ካርድ የሚልክልዎ ዘመድ የት እንደሚኖር ያስቡ።

በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ዲስክ የሚያነብ ማሽን ይሻላል። ዲስክ ያገለገለ ይገዛል፣ ከጓደኛ ጋር ይለዋወጡታል፣ ሲሰለችም ይሸጣል። ዲስክ ማንበቢያ የሌለው ፕሌይስቴሽን 5 በዋጋ ቀነስ ቢልም እያንዳንዱን ጨዋታ ከኦንላይን መደብሩ ገዝቶ ማውረድን ይጠይቃል፤ አንድ ትልቅ ጨዋታ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ጊጋባይት ይበላል።

«ጌም የተሞላበት» ተብሎ የሚሸጥ ፕሌይስቴሽን 4 ሲያገኙ Settings ገብተው System በሚለው ስር System Information ላይ የሶፍትዌሩን ቁጥር ይመልከቱ። ቁጥሩ እንደ 9.00 ያለ የቆየ ከሆነና ሻጩ «እንዳታሳድገው» ካለ፣ ማሽኑ መቆለፊያው የተሰበረ ነው። በዚህ ሁኔታ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ውስጥ መግባት አይቻልም፤ ለመግባት ሶፍትዌሩን ካሳደጉት ደግሞ የተሞሉት ጨዋታዎች መከፈታቸው ያበቃል። ስለዚህ ዲስክ ይዘው ይሂዱና ማሽኑ ሲያነብ ይዩ፣ የኤችዲኤምአይ ገመዱን ትንሽ ነካ ነካ አድርገው ምስሉ መጥፋት አለመጥፋቱን ያረጋግጡ፣ ከስልክዎ ኢንተርኔት ሰጥተውም አካውንት መግባቱን ይፈትሹ። ጓደኞችዎ ምን እንዳላቸውም ይጠይቁ፤ የፕሌይስቴሽን 4 ኤፍሲ ተጫዋች በኢንተርኔት የሚገናኘው ከፕሌይስቴሽን 4 እና ከኤክስቦክስ ዋን ተጫዋቾች ጋር ብቻ ነው። ጓደኞችዎ ሁሉ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ከሆኑ ርካሹ ማሽን ለብቻዎ ያስቀርዎታል።

«ላፕቶፑ ላይ አርቲኤክስ ከተጻፈ ጌም ይችላል፤ የትም ይዤው እጫወታለሁ»

በላፕቶፕ የግራፊክስ ካርዱ ስም ከታሪኩ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። አርቲኤክስ 3050 የሚል ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች አንዱ ለካርዱ 35 ዋት፣ ሌላው 80 ዋት ሊሰጡት ይችላሉ፤ ብዙ ዋት ያገኘው ይፈጥናል። አምራቹ ዋቱን የሚወስነው ማቀዝቀዣው በሚችለው ልክ ነው፤ ቀጭኑና የሚያምረው ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛውን ያገኛል። NVIDIA Control Panel ውስጥ System Information ሲከፍቱ Maximum Graphics Power የሚለው መስመር ላይ ትክክለኛው ቁጥር ተጽፏል። ሻጩ ፊት ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ይዞ የመጫወቱ ነገርም ገደብ አለው። ከግድግዳ ሲነቀል ላፕቶፑ ኃይሉን በእጅጉ ይቀንሳል፤ በከባድ ጨዋታ ላይ ባትሪው አንድ ሰዓት አካባቢ ቢቆይ ጥሩ ነው። ያገለገለ ከሆነ ባትሪው ምን ያህል እንደተዳከመ ለማወቅ Command Prompt ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

```
powercfg /batteryreport
```

ትእዛዙ battery-report.html የሚባል ፋይል አስቀምጦ ያለበትን ቦታ ያሳያል፤ እሱን ከፍተው DESIGN CAPACITY እና FULL CHARGE CAPACITY የሚሉትን ቁጥሮች ያነጻጽሩ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከወረደ ባትሪ መቀየርን በዋጋው ውስጥ ያስገቡ። ቻርጀሩንም ይመልከቱ። ዋናው ጠፍቶ አነስተኛ ዋት ባለው ከተተካ ላፕቶፑ ይሠራል፣ ኢንተርኔትም ይከፍታል፤ ጨዋታ ሲጀመር ግን ይንቀራፈፋል፣ ተሰክቶ እያለም ባትሪው እየቀነሰ ይሄዳል።

ሻጩን 20 ደቂቃ ጨዋታ እንዲያስኬድ ይጠይቁት። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ላፕቶፕ ይፈጥናል፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል ምስሉ መቆራረጥ ከጀመረ ማቀዝቀዣው በአቧራ ተደፍኗል ወይም በቺፑ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቋል። ይህ በጥቂት ገንዘብ ይጠገናል። ካርዱ ራሱ ግን ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያንስ ሙሉ ላፕቶፑን መሸጥ ነው። ካምፓስ ዶርም የሚያድር፣ ወይም ሥራው ኮምፒውተር ይዞ መዞርን የሚጠይቅ ሰው ላፕቶፕ ይግዛ። ማሽኑ ከቤት የማይወጣ ከሆነ ግን ለማይጠቀሙበት ነገር መክፈል ነው።

«አሮጌ የቢሮ ዴስክቶፕ ላይ ግራፊክስ ካርድ ከሰካሁ አለቀ»

ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ለተማሪም ሆነ ኮምፒውተሩን ለሥራ ጭምር ለሚፈልግ ሰው እኛ የምንመክረው ይህንን ነው። የሚበላሸው ዴስክቶፑና ካርዱ ሳይተዋወቁ ሲገዙ ነው። አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንይ፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060፣ ኮር አይ 5-8500 ፕሮሰሰር ያለው።

ይህ ሞዴል በተለያየ ቁመና ይሸጣል። ትንሿ፣ መጽሐፍ የምታክለው ሳጥን ግራፊክስ ካርድ አትቀበልም። መካከለኛዋ ጠባቧ የምትቀበለው ቁመቱ ግማሽ የሆነ ካርድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም፣ ሲገኝም ይወደዳል። የሚፈለገው ታወር የሚባለው ሙሉ ቁመት ያለው ነው።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ ነው። የታወሩ 260 ዋት ሲሆን ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድ የለውም፤ ስለዚህ ካርዱ ኃይሉን በሙሉ ከሚሰካበት ቦርድ መውሰድ አለበት፣ እሱም ቢበዛ 75 ዋት ነው። ጂቲኤክስ 1650 በዚህ ልክ ይሠራል። ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ ፕሮሰሰሩ 65፣ ካርዱ 75፣ ቦርዱ፣ ራሙና ዲስኩ ተደምረው 40 ገደማ፤ ጠቅላላው 180 አካባቢ ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ለአፍታ ከ65 በላይ ሲዘልም መተንፈሻ ይቀራል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ ከጂቲኤክስ 1650 ካርዶች መካከል ጫፋቸው ላይ ባለ 6 ፒን የኃይል መሰኪያ ያላቸው ብዙ ናቸው። እነዚህ በዚህ ማሽን ላይ አይሆኑም። «ፓወር ሰፕላዩን እቀይራለሁ» ማለትም ቀላል አይደለም፤ ዴል የሚጠቀመው መሰኪያ ከተለመደው ባለ 24 ፒን ስለሚለይ ከገበያ የሚገዛው በቀጥታ አይገጥምም።

ራሙ 8 ጊጋባይት የሆነ ዲዲአር 4 ሁለት ቁራጭ ይሁን። 16 የሆነ አንድ ቁራጭ ከማስገባት ሁለት ባለ 8 ማስገባት ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር እንዲያነብ ስለሚያደርግ ፍጥነት ይጨምራል። ለዊንዶውስና ለጨዋታዎቹ 500 ጊጋባይት አካባቢ የሆነ ኤስኤስዲ ይበቃል።

ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር የመረጥነው በምክንያት ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ በይፋ አይቀበልም። በአይ 5-6500 ላይ በዘዴ መጫን ቢቻልም፣ እንደ ቫሎራንት ያለ ጨዋታ ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የኮምፒውተሩ የደኅንነት መጠበቂያዎች ካልበሩ አይከፈትም።

ካርዱ ሲገዛ የሐሰት ዕቃ መኖሩን አይርሱ። የድሮ ካርድ ስሙ በሶፍትዌር ተቀይሮ በአዲስ ስም ይሸጣል። GPU-Z የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ሐሰተኛውን ሲያውቀው ከስሙ ፊት [FAKE] ብሎ ይጽፋል። እውነተኛው 1650 Shaders በሚለው ቦታ 896 ያሳያል። ቤት ሲደርሱ የሞኒተሩን ገመድ ካርዱ ላይ ይሰኩ እንጂ ከላይ ባለው የቦርዱ መሰኪያ ላይ አይሰኩ፤ «ካርዱ አይሠራም» ተብሎ ከሚመለሰው ዕቃ ብዙው ችግሩ ይህ ብቻ ነው።

ይህ ማሽን ኤፍሲን፣ ጂቲኤ 5ን፣ ቫሎራንትንና የመሳሰሉትን በፉል ኤችዲ በደንብ ያጫውታል። የቅርብ ጊዜ ከባድ ጨዋታዎች ላይ የካርዱ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ያንሳል፤ ሬይ ትሬሲንግ የሚባለው የብርሃን አሠራር ግዴታ የሆነባቸው ደግሞ ጨርሶ አይነሱም። የኮንሶሉን ዋጋ ከዚህ ጋር ሲያነጻጽሩ ሞኒተሩን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን መደመር ያስፈልጋል፤ ቤት ያለው ቴሌቪዥን ግን በኤችዲኤምአይ ለጊዜው ሞኒተር ሊሆን ይችላል።

«መብራት ስለሚጠፋ ከላፕቶፕ ሌላ አያዋጣም»

650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ 360 ዋት አካባቢ ይሸከማል፤ ሳጥኑ ላይ ቪኤ እና ዋት ለየብቻ ስለሚጻፉ ዋት የሚለውን ያንብቡ። ከላይ ያልነው ዴስክቶፕ ከሞኒተሩ ጋር፣ ወይም ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም ከመካከለኛ ቴሌቪዥን ጋር፣ በዚህ ውስጥ ይገባል። ባትሪው ጤነኛ ከሆነ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ጨዋታውን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል፣ ለመጫወት አይበቃም። ዩፒኤስ ከሌለ ፕሌይስቴሽን 4ን ሬስት ሞድ በሚባለው የእንቅልፍ ሁኔታ ትቶ መተኛት ያስፈራል፤ መብራት ሲቋረጥ የሃርድ ዲስኩ መረጃ ሊበላሽ ይችላል። ሲጨርሱ ሙሉ በሙሉ ያጥፉት።

«ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ በእኛ መብራት ይቃጠላል»

ዕቃው ወይም ቻርጀሩ ላይ INPUT: 100-240V ከተጻፈ የሚቀየረው ሶኬቱ ብቻ ነው፤ የላፕቶፕ ቻርጀሮች በአብዛኛው እንደዚህ ናቸው። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ዋን ግን የተለየ ነው፤ ውጭ ያለው ፓወር ሰፕላይ ለየአገሩ ስለሚሠራ የአሜሪካው እዚህ መሰካት የለበትም። በዴስክቶፕ ደግሞ አንዳንድ ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ከኋላቸው ቀይ መቀያየሪያ አላቸው። 115 ላይ እያለ በ220 ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል፤ ገመዱን ከማስገባትዎ በፊት በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወደ 230 ይግፉት።