«እግዜር ይስጥልኝ»፦ ምስጋናም እምቢታም

በቤተ ክርስቲያን በር አንዲት እናት «ስለ እመብርሃን» ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ኪሱ የተራቆተ መንገደኛ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» ይልና ያልፋል። ከኋላው የመጣው ቆም ብሎ ብር ሲያስጨብጣቸው ደግሞ እናትየዋ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ይሉታል። የመጀመሪያው «የለኝም» ማለት ነው፣ ሁለተኛው «ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ»። ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ተቃራኒ፣ ግን ከሦስቱ አንዳቸውም አልተደናገሩም።

ምስጢሩ ያለው መጨረሻ ላይ ባለችው «ልኝ» ነው። «እናትህን ሰላም በልልኝ» ስንል «በእኔ ፈንታ፣ ስለ እኔ ሆነህ» ማለታችን ነው። ስለዚህ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲፈታ «እኔ መስጠት ያለብኝን እሱ በእኔ ፈንታ ይስጥህ» ይሆናል። የተቀበለ ሰው ሲለው፣ ላደረግህልኝ የምመልሰው ስለሌለኝ ውለታህን እግዜር ይክፈልልኝ ማለቱ ነው። የተለመነ ሰው ሲለውም የምዘረጋልህ ስለሌለኝ እግዜር ይዘርጋልህ ነው። ሁለቱም ባዶ እጃቸውን እያሳዩ ዕዳውን ወደ ላይ ያስተላልፋሉ። «ጤና ይስጥልኝ» የሚለው ሰላምታችንም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ጤና ሰጪ እኔ አይደለሁምና እሱ ይስጥህ ነው ነገሩ።

እንዲህ ተቃራኒ ፍቺ የሚሸከሙ ቃላት በሌላውም ቋንቋ ሞልተዋል፤ አመጣጣቸው ግን ይለያያል። የእንግሊዝኛው «ክሊቭ» መሰንጠቅም መጣበቅም የሆነው፣ በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ግሶች የነበሩት በዘመን ብዛት ድምፃቸው ስለገጠመ ነው። «ሳንክሽን» ግን አንድ ቃል ነው፤ ሥሩ በላቲን ሕግን ማጽናት ሲሆን፣ ከዚያ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ማጽደቅና መፍቀድ፣ ሌላው ሕጉን ወደሚያስከብረው ቅጣት ሄደ። የእኛው «ተነሣ»ም እንደዚያ ነው፦ ረብሻ ተነሣ ሲባል ጀመረ፣ እገዳው ተነሣ ሲባል ቀረ። «እግዜር ይስጥልኝ» ከነሳንክሽን ወገን ነው፤ ግንዱ አንድ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? አንዳንዱ ሰው ልዩነቱን በዝርዝሩ ሊያበጅ ይሞክራል፤ «ይስጥህ» ከሆነ እምቢታ፣ «ይስጥልኝ» ከሆነ ምስጋና እያለ። አይሠራም። ዘንቢል የተሸከሙላቸው አሮጊትም «እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» ብለው ይመርቃሉ፣ የኔ ቢጤውን የሚያሰናብተውም «እግዜር ይስጥህ» ይላል። መጠየቅ ያለበት ከቃሉ በፊት ምን ሆነ የሚለው ነው። ነገር ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ ወይም ሥራ ከተሠራ ምስጋና ነው፤ ልመና ብቻ ከቀደመ እምቢታ ነው።

ከዚህ የበለጠ የማምነው መልሱን ነው። ምስጋና ሲሆን ሰጪው «አብሮ ይስጠን» ይላል። የተነፈገ ሰው ግን «አብሮ ይስጠን» አይልም፤ ቢል እንኳ ሽሙጥ ይሆናል። ስለዚህ ባነበባችሁት ጽሑፍ ውስጥ ትርጉሙ ካጠራጠራችሁ «አብሮ ይስጠን»ን ከሥሩ አስገብታችሁ ሞክሩት። ከገባ ምስጋና ነው፣ ካልገባ እምቢታ።

አስቸጋሪው ቦታ ማዕድ ላይ ነው። ቤተኛው ምሳ ላይ ደርሶ «ና፣ እንብላ» ሲባል «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ግብዣው ቀርቧል፣ ገና አልተነካም፤ ሁለቱም ፍቺ ይገባል። እዚህ ላይ ጆሮ ብቻ አይበቃም። ሰውየው እጁን ሊታጠብ ብድግ ካለ ተቀብሏል። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ከተቀመጠበት ካልተነቃነቀ፣ ወይም ከቃሉ ቀጥሎ «አሁን ነው የበላሁት» ካስከተለ፣ አልፈልግም ማለቱ ነው። ባለቤቷ እንዴት እንደተረዳችውም ከአፏ ይታወቃል፤ «በሞቴ!» ካለች እምቢታውን ሰምታለች። ደግሞ የመጀመሪያው እምቢታ ብዙ ጊዜ የይሉኝታ ነው፤ ሁለት ሦስቴ «በሞቴ» ተብሎ ጉርሻ የሚቀበል ሰው ከመጀመሪያውም ርቦት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ምልክት በስልክ መልእክት ላይ ይጠፋል። «እሑድ ምሳ እኛ ጋ ነህ» ለሚል ጽሑፍ «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ብሎ መመለስ ጋባዡን ያንከራትታል፤ እጅም ደረትም አይታይም። «እመጣለሁ» ወይም «አልችልም» የምትል ቃል ካልተጨመረች፣ ሽሮው ለስንት ሰው እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም።