በስማርት ሰዓት ላይ ያለው «ኦክስጅን 98» ምንድን ነው?

«ደረቴን ይወጋኛል፤ ግን ሰዓቴ ኦክስጅን 98 ነው የሚለው፤ የልብ ምት ማስጠንቀቂያም አልመጣም። ስለዚህ ልቤ ደህና ነው።» ይህን ዓይነት አስተያየት በዚህ ሳምንት ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩ። ወንድሜ፣ ሰዓትህን ስለ ደረትህ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልመለሰም።

98 መቶኛ ነው። በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የሚጭን አውቶቡስ ነው እንበል። ሰዓቱ በብርሃን የሚገምተው ከመቶው ወንበር ስንቱ እንደተያዘ ነው። አውቶቡሶቹ ስንት እንደሆኑ አይቆጥርም። ሄሞግሎቢኑ 14 የሆነ ሰውና በደም ማነስ 7 የደረሰ ሰው ሁለቱም 98 ሊያሳዩ ይችላሉ። የሁለተኛው ደም የሚሸከመው ኦክስጅን ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፤ ሰዓቱ ያው 98 ይላል።

ምሳሌውን ትንሽ ልለጥጠው። በተዘጋ ክፍል እሳት ሲጤስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወንበሩን ይቀማል። ሰዓቱ ተሳፋሪ አይለይምና «ሙሉ ነው» ይላል። ሃርት አታክ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ነው። አውቶቡሶቹ ጢም ብለው ሞልተዋል፤ የልብን ጡንቻ የሚመግበው ቧንቧ ስለተዘጋ ግን እዚያ አይደርሱም። እጅህ ላይ ያለው መንገድ ክፍት ስለሆነ 98 ታያለህ።

«እሺ፣ የምት መዛባት ማስጠንቀቂያስ?» እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ ማለትም ስትሮክ ሊያመጣ የሚችል የተዘበራረቀ ምት። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለህ ስትቀመጥ ወይም ስትተኛ፣ አልፎ አልፎ በምትና በምት መካከል ያለውን ጊዜ ይለካል። ደጋግሞ ካልተዛባበት አይነግርህም። ችግሩ ይህ ምት መጥቶ የሚሄድ መሆኑ ነው፤ ሰዓቱ ባላየበት ሰዓት መጥቶ ሊያልፍ ይችላል። ሃርት አታክ የያዘው ሰው ምት ደግሞ እንደ ሰዓት ቆጣሪ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል።

ሳትጠይቁኝ አንድ ልጨምር። እጅ ሲቀዘቅዝ፣ ማሰሪያው ሲላላ፣ ክንድ ሲንቀሳቀስ የኦክስጅኑ ቁጥር ይዋሻል። የቆዳ ቀለምም ይገባበታል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ የሆስፒታሉ የጣት መለኪያ እንኳ የጥቁር ታካሚዎችን የኦክስጅን ማነስ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል አዘውትሮ ሳያይ እንደሚያልፍ አሳይቷል። እንግዲህ የእጅ ሰዓቱን አስቡት።

ማስጠንቀቂያው ከመጣ ግን አትናቀው። ሰዓቱ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ኢሲጂ ካለው ወዲያው አንሳና ለሐኪም አሳይ፤ ያ የምት መዛባትን ለማየት ይረዳል። ለደረት ሕመም ግን አይሆንም፤ የሚያየው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ባለ 12 መስመር ኢሲጂ ያነሱሃል፤ ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራ ያደርጉልሃል፤ አንዳንዴ ከሰዓታት በኋላ ይደግሙታል። ሕመሙ ደረትህን ጭምቅ አድርጎ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከተሰራጨ፣ ላብ ካጠመቀህ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ቁጥሩን መንገድ ላይ ታየዋለህ።