ማስታወቂያ ላልወጣበት ሥራ ለስታርትአፕ መሥራች የሚጻፍ መልእክት

ስታርትአፕ ውስጥ ማስታወቂያ ሳይወጣበት ሰው የሚያገኝ ሥራ ብዙ ነው። አሥር ሰው ባለበት ድርጅት ቅጥርን የሚወስነው መሥራቹ ራሱ ነው። ችግሩን ቢያውቀውም ቁጭ ብሎ ማስታወቂያ የሚጽፍበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ጥሩ መልእክት «ክፍት ቦታ አለ ወይ?» አይልም። አንድ ችግር ያነሳል፣ መፍትሔውን ያሳያል፣ «እኔ ልሥራው» ይላል።

ከባዱ ነገር ችግሩን መምረጥ ነው። ከውጭ የሚታይና ጸሐፊው ራሱ ያየው ይሁን፤ በጥቂት ሳምንታትም የሚያልቅ። የዋጋ አወጣጥን ወይም የገበያ ስልትን መተቸት አያዋጣም። የውስጡ ሂሳብ ለውጭ ሰው አይታይም።

አንዲት ፕሮግራመር የአንድን ስታርትአፕ አገልግሎት ለመጠቀም በስልኳ ልትመዘገብ ሞከረች እንበል። የማረጋገጫ ኮድ ስትጠየቅ የፊደል ኪቦርድ መጣባት። ኤስኤምኤሱን አይታ ስትመለስ ገጹ እንደ አዲስ ተከፈተ፣ ያስገባችው ስልክ ቁጥርም ጠፋ። በሌላ ስልክ ደገመችው፤ ያው ነው። እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ በሁለት ስልክ ልመዘገብ ሞክሬ ነበር። ኮዱን አይቼ ስመለስ ያስገባሁት ቁጥር ይጠፋል፤ ቪዲዮውን አያይዣለሁ። የኮዱ ሳጥን እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

```html
<input inputmode="numeric" autocomplete="one-time-code">
```

ቀሪው ሥራ ገጹ የደረሰበትን እንዲያስታውስ ማድረግ ነው። ሁለቱንም በሁለት ሳምንት፣ በአጭር የክፍያ ውል ልሠራው እችላለሁ። ኮድ ከተላከላቸው ሰዎች ስንቱ ምዝገባ እንደሚጨርሱም በፊትና በኋላ ለክቼ አሳይዎታለሁ። ከዚህ በፊት የሠራሁት የምዝገባ ገጽ ሊንክ ከታች አለ። ሐሙስ ሃያ ደቂቃ ይኖርዎታል?»

ያቺ አጭር መስመር ስልኩ የቁጥር ኪቦርድ እንዲያመጣ፣ የመጣውንም ኮድ ራሱ እንዲያቀርብ ትነግረዋለች። መሥራቹ ከስብሰባ ስብሰባ መሃል ሊሞክራት ይችላል። ጸሐፊዋ «ደንበኛ እያጣችሁ ነው» አላለችም፤ አታውቅማ። ያየችውን ብቻ ነው የተናገረችው። የመልእክቱ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ልኬቱ ግን ወሰን አለው። በሳምንት የሚመዘገበው ሰው ጥቂት አሥር ብቻ ከሆነ፣ በሁለት ሳምንት የሚታየው ልዩነት በአጋጣሚ የመጣም ሊሆን ይችላል። ያኔ የውጤት ቁጥር ቃል መግባት አያስፈልግም፤ ብልሽቱ መጥፋቱን ማሳየት ይበቃል።

የተገኘው የደህንነት ክፍተት ከሆነ አካሄዱ ይለያል። ያለፈቃድ ወደ ውስጥ ገብቶ መፈተሽ አይገባም። ክፍተቱ ለብቻው፣ ሥራ ሳይጠየቅበት ይነገራል። ከቅጥር ጥያቄ ጋር ከተላከ ማስፈራሪያ ይመስላል።

መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ማስታወስ ነውር የለውም። «እናውቀዋለን፣ ልንሠራው አስበናል» የሚል መልስም በሩን አይዘጋም። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሰው ገና አልተገኘም ማለት ነው፤ የሚቀጥለው ጥያቄ «ማን ይዞታል?» ነው።