የምስል ርቀት ኔጌቲቭ ሲወጣ፦ ስህተት ነው ወይስ ትክክል?

ተማሪ የሌንስ ጥያቄ ሲሠራ የምስሉ ርቀት −15 ሲወጣለት መጀመሪያ የሚያደርገው ምልክቱን ማጥፋት ነው። አይቸኩል። በ 1/f = 1/do + 1/di ቀመር f የትኩረት ርቀት፣ do የዕቃው ርቀት፣ di የምስሉ ርቀት ነው፤ di ፖዘቲቭ ከሆነ ምስሉ ከሌንሱ ማዶ፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ግን ዕቃው ባለበት በኩል ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ምስል ምናባዊ ስለሆነ ስክሪን ላይ አይያዝም።

የትኩረት ርቀቱ 10 ሴ.ሜ ከሆነ ሰብሳቢ ሌንስ በ6 ሴ.ሜ ርቀት ላይ ዕቃ እናስቀምጥ፦

1/di = 1/10 − 1/6 = −2/30፣ ስለዚህ di = −15 ሴ.ሜ

ዕቃው ከትኩረት ነጥቡ ይልቅ ለሌንሱ ስለቀረበ መልሱ ትክክል ነው። ማጉያ መነጽር የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ማጉላቱ m = −di/do = 2.5፣ ምስሉም ቀጥ ያለ ነው።

ዕቃው 30 ሴ.ሜ ላይ ሆኖ −15 ከመጣ ግን ቅነሳው ተገልብጧል፦ 1/do − 1/f ተሠርቷል። ትክክለኛው +15 ነው። 7.5 ከመጣስ? ያኔ የሁለት መጻሕፍት ስምምነት ተደባልቋል። አንዳንዱ መጽሐፍ የምስሉን ርቀት v፣ የዕቃውን u አድርጎ 1/v − 1/u = 1/f ይልና u ራሱን ኔጌቲቭ ያደርገዋል፤ ተማሪው ቀመሩን ከዚያ ወስዶ +30 ያስገባበታል። ይህ ስህተት ከኔጌቲቩ የባሰ ነው፣ መልሱ ፖዘቲቭ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። የሚያጋልጠው አንድ ነገር አለ፦ ሰብሳቢ ሌንስ የእውነተኛ ዕቃን እውነተኛ ምስል ከትኩረት ርቀቱ፣ እዚህ ከ10 ሴ.ሜ፣ ባነሰ ርቀት ላይ አይሠራም።