የመስመር ኢንቴግራልና የኮንሰርቫቲቭ መስክ ፈተና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ያንኑ መንገድ በሌላ ፓራሜትር ከጻፍኩት የኢንቴግራሉ ዋጋ ይለወጣል።»

አይለወጥም። የቬክተር መስክን በአንድ መንገድ ላይ ኢንቴግሬት ስናደርግ መንገዱን r(t) ብለን እንጽፋለን፣ በየነጥቡ ያለውን የመስክ ቬክተር ከ r′(t) ጋር በዶት ፕሮዳክት እናባዛለን፣ ከዚያም ውጤቱን ከ t መነሻ እስከ መድረሻው ኢንቴግሬት እናደርጋለን። ጥርጣሬው የሚመጣው r′(t) የጉዞውን ፍጥነት ስለሚያሳይ፣ ፈጥኖ የሄደ ሰው ትልቅ ቁጥር የሚያገኝ ስለሚመስል ነው። ሆኖም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የጉዞው ጊዜ በግማሽ ስለሚያጥር አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል።

F = (y, 2x) የተባለውን መስክ ከ (0, 0) እስከ (1, 1) በፓራቦላው y = x² ላይ እንከተለው። መንገዱን (t, t²) ብለን ብንጽፈው r′ = (1, 2t) ይሆናል፤ ዶት ፕሮዳክቱም t² + 4t² = 5t² ነው፤ ከ 0 እስከ 1 ሲደመር 5/3 ይሰጣል። ይህንኑ ፓራቦላ (s², s⁴) ብለን ብንጽፈው ደግሞ ዶት ፕሮዳክቱ 2s⁵ + 8s⁵ = 10s⁵ ይሆናል፤ ውጤቱ አሁንም 5/3 ነው። አቅጣጫውን ገልብጠን ከ (1, 1) ብንነሳ ግን ምልክቱ ይገለበጥና −5/3 እናገኛለን። በነገራችን ላይ ተማሪ አዘውትሮ የሚረሳው r′(t)ን ነው፤ በሁለት ፓራሜትር ሠርቶ ሁለት የተለያዩ መልሶች ያገኘ ሰው መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይህን ነው።

ከፓራሜትሩ ይልቅ መንገዱን ራሱን ብንለውጠው ነገሩ ሌላ ነው። በቀጥተኛው መስመር (t, t) ላይ ዶት ፕሮዳክቱ t + 2t = 3t ስለሆነ ውጤቱ 3/2 ነው። መነሻና መድረሻቸው አንድ የሆኑ ሁለት መንገዶች የተለያየ ዋጋ ስለሰጡ F ኮንሰርቫቲቭ አይደለም፤ ማለትም ግራዲየንቱ F የሚሆን ፖቴንሻል ፈንክሽን የለውም።

«በአንድ ዝግ መንገድ ላይ ዜሮ ካገኘሁ መስኩ ኮንሰርቫቲቭ ነው።»

ኮንሰርቫቲቭነት የሚጠይቀው ኢንቴግራሉ በአንድ ሳይሆን በክልሉ ውስጥ ባለ በማንኛውም ዝግ መንገድ ላይ ዜሮ እንዲሆን ነው። ለምሳሌ F = (y², 0) በመነሻ ነጥቡ በ (0, 0) ዙሪያ ባለው ራዲየሱ 1 በሆነ ክብ ላይ ዜሮ ይሰጣል፤ የክቡ የላይኛው ግማሽ የሚያዋጣውን የታችኛው ግማሽ በተቃራኒ ምልክት ስለሚመልሰው ነው። ክቡን ማዕከሉ (0, 1) እስኪሆን ወደ ላይ ብናነሳው ግን ይህ ሲሜትሪ ይፈርስና ከሰዓት እጅ በተቃራኒ ስንዞር −2π እናገኛለን። እንግዲህ ዜሮ ያልሆነ አንድ ዝግ መንገድ መስኩን ከኮንሰርቫቲቭነት ለማስወጣት ይበቃል፤ ዜሮ የሆነ አንድ መንገድ ግን በጥቅሉ ምንም አያረጋግጥም።

«∂Q/∂x = ∂P/∂y ከሆነ ነገሩ አልቋል፤ መስኩ ኮንሰርቫቲቭ ነው።»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ስሕተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኞቹ የመልመጃ ጥያቄዎች ላይ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። F = (P, Q) ኮንሰርቫቲቭ ከሆነና ከፊል ዴሪቫቲቮቹ ተከታታይ ከሆኑ ሁለቱ ዴሪቫቲቮች እኩል መሆናቸው ግድ ነው። የተገላቢጦሹ ግን የሚሠራው መስኩ የተተረጎመበት ክልል ቀዳዳ ከሌለው ብቻ ነው።

ክልሉ ቀዳዳ ሲኖረው የሚሆነውን ለማየት ይህን መስክ እንውሰድ፦

P = −y/(x² + y²)፣ Q = x/(x² + y²)

መስኩ ከመነሻ ነጥቡ በቀር በሁሉም ቦታ የተተረጎመ ነው። ሁለቱም ከፊል ዴሪቫቲቮች (y² − x²)/(x² + y²)² ሆነው ስለሚገኙ ፈተናውን ያለ እንከን ያልፋል። ሆኖም በ (cos t, sin t) ላይ፣ t ከ 0 እስከ 2π፣ ዶት ፕሮዳክቱ sin² t + cos² t = 1 ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ዙር 2π ይሰጣል። ዝግ መንገድ ዜሮ ያልሆነ ዋጋ ስለሰጠ መስኩ ኮንሰርቫቲቭ አይደለም።

እኩልነቱ በየነጥቡ ዙሪያ ብቻ ያለውን ሁኔታ የሚመለከት ስለሆነ በክልሉ መካከል የጎደለውን ነጥብ አያየውም። ፖቴንሻል ፍለጋ ብንነሳ የምናገኘው የነጥቡን አንግል θ ነው፤ የዚህ አንግል ግራዲየንት በእርግጥም F ነው። ችግሩ በመነሻ ነጥቡ ዙሪያ አንድ ዙር ዞረን ስንመለስ አንግሉ በ 2π ጨምሮ መገኘቱ ነው፤ አንድ ነጥብ ሁለት ዋጋ ሊኖረው ስለማይችል θ በመላው ክልል ላይ ፖቴንሻል ሊሆን አይችልም። arctan(y/x) ብሎ መጻፍም ችግሩን አይፈታውም፤ x = 0 ላይ ይቋረጣልና። ኢንቴግራሉ የሚቆጥረው እንግዲህ መንገዱ ቀዳዳውን ስንት ጊዜ እንደዞረ ነው፤ በመሆኑም የክቡ ራዲየስ 1 ሆነ 100 ውጤቱ ያው 2π ነው። ማዕከሉ (3, 0)፣ ራዲየሱ 1 የሆነ ክብ ደግሞ መነሻ ነጥቡን ስለማይከብበው ዜሮ ይሰጣል። ኔጌቲቩን የ x ዘንግ ከነመነሻ ነጥቡ ቆርጠን ብናወጣ በቀሪው ክልል ቀዳዳውን መዞር ስለማይቻል፣ ያው ቀመር ኮንሰርቫቲቭ መስክ ይሆናል። ስለዚህ «ይህ መስክ ኮንሰርቫቲቭ ነውን?» የሚለው ጥያቄ ክልሉ ሳይጠቀስ ሙሉ አይደለም።

ይህ ለፈተና ብቻ የተፈጠረ እንግዳ ምሳሌ አይደለም። ቋሚ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ረጅም ቀጥ ያለ ሽቦ በዙሪያው የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ይህንኑ ቅርጽ የያዘ ነው፤ ከሽቦው ውጭ ኩርሉ፣ ማለትም የ ∂Q/∂x እና የ ∂P/∂y ልዩነት፣ ዜሮ ሲሆን፣ ሽቦውን አንድ ጊዜ በሚዞር መንገድ ላይ ያለው ኢንቴግራል ግን በአምፔር ሕግ መሠረት μ₀I ነው፤ I በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ መጠን፣ μ₀ ደግሞ ቋሚ ቁጥር ነው።

«ቀዳዳ ያለው ክልል ላይ ያለ መስክ ኮንሰርቫቲቭ ሊሆን አይችልም።»

ያለፈውን ስሕተት ያረመ ሰው አንዳንዴ ወደዚህኛው ይሻገራል። F = (x/(x² + y²), y/(x² + y²)) የተባለው መስክ ያንኑ ቀዳዳ ይዞ ኮንሰርቫቲቭ ነው፤ ፖቴንሻሉ ½ ln(x² + y²) ሲሆን፣ ነጥቡን ዞረን ስንመለስ ዋጋው አይለወጥም። ቀዳዳው ፈተናውን በቂ እንዳይሆን ያደርገዋል እንጂ መልሱን አስቀድሞ አይወስንም።

ከላይ ያናናቅነው የአንድ ዝግ መንገድ ስሌትም እዚህ ላይ ቦታ ያገኛል። በጠለሉ ላይ የጎደለው አንድ ነጥብ ብቻ ከሆነና ከፊል ዴሪቫቲቮቹ በቀሪው ክልል ሁሉ እኩል መሆናቸው ከተረጋገጠ፣ ያን ነጥብ አንድ ጊዜ በሚዞር አንድ ክብ ላይ ማስላት በቂ ነው፤ ዜሮ ከሆነ መስኩ ኮንሰርቫቲቭ ነው፣ ካልሆነ አይደለም። ቀዳዳዎቹ ሁለት ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ክብ ያስፈልጋል። በሦስት ዳይሜንሽን ግን አንድ ነጥብ ብቻ ቢጎድል ማንኛውም ዝግ መንገድ በጎኑ አልፎ ወደ አንድ ነጥብ ሊሰበሰብ ስለሚችል የኩርሉ ዜሮነት ብቻውን ይበቃል፤ ክቡ የሚያስፈልገው እንደ ሽቦው ያለ ሙሉ መስመር ሲጎድል ነው።