«ድገምልኝ» ማለት ማርክ አያስቆርጥም፦ ስለ አይኤልትስ ስፒኪንግ የሚወሩ ስህተቶች

«አይኤልትስ ስፒኪንግ ላይ ጥያቄው ካልገባኝ ፈታኙን ድገምልኝ ካልኩት ማርክ ይቆረጥብኛል አይደል?»

አይቆረጥም። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት ፈጣሪ ይወቀው። ተማሪዎቼ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሰሙኛል፣ ደብተራቸው ላይም ይጽፉታል። ከዚያ ፈተናው ላይ ይቀመጡና ያልሰሙትን ጥያቄ ይመልሳሉ።

አይኤልትስ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነው፣ ስፒኪንግ ደግሞ የንግግሩ ክፍል። እዚያ ፈታኙ የሚመዝነው አራት ነገር ነው። አነጋገራችሁ ሳይቆራረጥ መፍሰሱንና ሐሳባችሁ መያያዙን፣ የቃላት ሀብታችሁን፣ ሰዋስዋችሁን፣ የድምፅ አወጣጣችሁን። አራቱም እኩል ናቸው፣ እያንዳንዱ 25 በመቶ ይይዛል። «ጥያቄውን በመጀመሪያው ሰምቷል ወይስ አልሰማም» የሚባል አምስተኛ መመዘኛ የለም። የመስማት ችሎታ የራሱ ፈተና አለው፣ እሱም ሊስኒንግ ነው። እዚያ ድምፁ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰማ ያመለጠ አመለጠ ነው። ብዙ ሰው ያንን ፍርሃት ይዞት ስፒኪንግ ክፍል ይገባል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ማርክ የሚያስቆርጠውስ? አለመጠየቁ ነው። አንድ ተማሪዬ ጎበዝ ነበር፣ እንግሊዝኛውም አይታማም። የስፒኪንግ ሦስተኛ ክፍል በሆነው ፓርት ስሪ ላይ ፈታኟ አያቶች ልጆችን በማሳደግ ረገድ ያላቸው ድርሻ እንዴት እንደተለወጠ ጠየቀችው። «ብሪንጊንግ አፕ» ያለችውን «ብሪንግ» ብቻ አድርጎ ሰማው። ማሳደግ የነበረው ማምጣት ሆነለት። አያቶች ልጆችን ከትምህርት ቤት ስለማምጣታቸው፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ፣ ስለ ሰርቪስ መኪና ዘረዘረ። በመሃል ፊቷን አይቶ አንድ ነገር እንደተበላሸ ጠረጠረ። ግን መጠየቁን ፈራ። ሐሳቡን ወደ ኋላ ለመመለስ ሲሞክር «ኤኤኤ» በዛ፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ተሰበሩ።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። መልሱ ከጥያቄው ስለወጣ የሐሳብ አያያዙ ተጎዳ። ሲደናገር ስለተንተባተበ ፍሰቱም ተጎዳ። ሁለቱም በአንድ መመዘኛ ሥር ያሉ ናቸው። ድንጋጤው ደግሞ ሰዋስዉንም ይዞት ሄደ። ብዙ ሰከንድ የማይፈጅ አንድ ጥያቄ ይህን ሁሉ ያድነው ነበር። «ሶሪ፣ ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ብሪንጊንግ አፕ?» በቃ። ወይም ግማሹን ከገመተ፣ የገመተውን ይዞ ማረጋገጥ ይችል ነበር፦ «ዱ ዩ ሚን ሃው ግራንድፓረንትስ ሄልፕ ሬይዝ ችልድረን?» ይኼኛው እንዲያውም የተሻለ ነው፤ ቃሉን ባያውቀውም ሐሳቡን በሌላ ቃል መግለጽ እንደሚችል ያሳያል።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ጥያቄዎች ያልገባውን ቦታ ነጥለው ያሳያሉ። «አልገባኝም» ብቻ ካላችሁ ፈታኙ የቱ እንደጠፋባችሁ አያውቅም። ያው ጥያቄ እንደገና ይነበብላችኋል፣ ያው ቃል እንደገና ያልፋችኋል። «ዋት?» ብሎ ማፍጠጥም ይቅር። ማርክ ያስቆርጣል ብዬ አይደለም፣ ያስቀይማል እንጂ። ለመጠየቅ ደግሞ አትዘግዩ። ዝም ብላችሁ ጣሪያ ጣሪያ ካያችሁ በኋላ ከመጠየቅ፣ ጥያቄው እንዳለቀ ወዲያው መጠየቅ ይሻላል።

«ቃሉ ካልገባኝ ፈታኙ ያስረዳኛል።» ይኼኛው ግማሽ እውነት ነው፣ ሰውን የሚያስደነግጠው ሌላው ግማሽ ነው። ፓርት ዋን ላይ ፈታኙ የተጻፈለትን ያነባል። ጥያቄውን ሊደግምላችሁ ይችላል፤ በሌላ ቃል ሊለውጠው ወይም ቃሉን ሊተረጉምላችሁ ግን አይችልም። አንዲት ተማሪዬ «ስቴሽነሪ» ምን እንደሆነ ጠየቀች፣ ፈታኙ ያንኑ ጥያቄ ቃል በቃል ደገመላት። «ተናደደብኝ» ብላ እስከ መጨረሻው ስትርበተበት ቆየች። ሰውዬው የተናደደ አይመስለኝም፣ ሕጉን ነው ያከበረው።

እዚህ ቦታ ላይ መገመት ያዋጣል። «ኢፍ ዩ ሚን ቲንግስ ላይክ ፔንስ ኤንድ ፔፐር» ብላችሁ ጀምሩና መልሱ። ግምቱ ባይሳካ እንኳ ግምት መሆኑን ራሳችሁ ተናግራችኋል። ጭራሽ ፍንጭ ከሌላችሁ ቃሉን እንደማታውቁት በአጭሩ ተናገሩ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይታለፋል። ፓርት ዋን ከ4 እስከ 5 ደቂቃ የሚፈጅ፣ አጫጭር ጥያቄዎች የሚበዙበት ክፍል ነው። አንድ ጥያቄ ማለፍ ፈተናውን አይገድለውም።

ፓርት ስሪ ግን ውይይት ነው። ፈታኙ እዚያ ሐሳቡን በሌላ ቃል ሊያስቀምጥ፣ ሊያብራራም ይችላል። ስለዚህ በፓርት ዋን «ድገምልኝ»፣ በፓርት ስሪ «ምን ማለትህ ነው» ብትሉ ትጠቀማላችሁ።

«ፓርት ቱ ላይ ርዕሱ ከጠፋብኝ አበቃልኝ።» ርዕሱ የተጻፈበት ካርድ እጃችሁ ላይ ነው። ስትናገሩም አይወሰድባችሁም፣ ዝቅ ብላችሁ እዩት።

«ድገምልኝ ማለት ለማሰብ ጊዜ ይገዛልኛል።» ይህን ብልጠት ከየት እንደሚያመጡት አላውቅም። አንዴ ምንም አይደለም። በየጥያቄው ሲሆን ግን ፈታኙ የሰማችሁትን ነገር ድጋሚ እያነበበላችሁ ነው፣ የእናንተ የንግግር ደቂቃም እየተበላ ነው። ፈተናው በጠቅላላው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፣ ለጠየቀ ተብሎ አይራዘምም። ማሰብ ካስፈለጋችሁ እንደምታስቡ ተናገሩ፦ «ሌት ሚ ቲንክ አባውት ዛት ፎር ኤ ሰከንድ።» የመመዘኛው ከፍተኛው የውጤት ደረጃ እንኳ የሚናገረውን ሐሳብ ለማሰብ ቆም የሚልን ሰው ይቀበላል። የማይወደው ቃልና ሰዋስው ፍለጋ የሚደረገውን መንተፋተፍ ነው።

«የቶፍል ፈተናም እንዲሁ ነው።» አይደለም። እዚያ የምትናገሩት ለማይክሮፎን ነው፣ የምትጠይቁት ሰው የለም።

«በቪዲዮ ሲሆን መጠየቅ ያሳፍራል።» አይኤልትስ ስፒኪንግ በቪዲዮ ጥሪ የሚሰጥበት ቦታ አለ፤ ፈታኙ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነው የሚያናግራችሁ። ድምፁ ሲቆራረጥ ታዲያ ችግሩ የመስመሩ እንጂ የእናንተ እንግሊዝኛ አይደለም። ያ ልዩነት እንዲታወቅ ደግሞ መናገር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። «ዘ ሳውንድ ብሮክ አፕ፣ ኩድ ዩ ሪፒት ዘ ላስት ፓርት?» በሉ። ዝም ብላችሁ የተቆራረጠውን እየገጣጠማችሁ ብትመልሱ፣ ፈታኙ የሚያየው ከጥያቄው የወጣ መልስ ብቻ ነው።