ከስካን የተነበበ ውል፦ የእርግጠኝነት ቁጥሩ የማይነግረን

በጎንደር የተፈረመ አንድ የቤት ሽያጭ ውል በስካን ተነሥቶ፣ የምስልን ጽሑፍ ወደ ፊደል በሚቀይረው ቴሰራክት በተባለው ፕሮግራም ሲነበብ፣ ቋንቋው አማርኛ ብቻ ተብሎ ከተመረጠ በላቲን ፊደል የተጻፈው የባንክ ስም ትርጉም በሌላቸው የግእዝ ፊደላት ሊተካ ስለሚችል፣ አማርኛንና እንግሊዝኛን አብሮ መስጠት ያስፈልጋል።

```
tesseract wul.png wul -l amh+eng tsv
```

በውጤቱ ውስጥ conf የተባለው ዓምድ፣ እስከ 100 የሚደርሰው፣ ፕሮግራሙ በንባቡ ምን ያህል እንደተማመነ ያሳያል እንጂ ቃሉ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ወራሾቹ ቤቱን «ሸጡ» የሚለው ቃል፣ ከጎኑ ያለችው ትንሽ ቅጥያ በደበዘዘ ቅጂ ላይ ከጠፋች «ሸጠ» ሆኖ ይወጣል፤ ሁለቱም ትክክለኛ የአማርኛ ቃላት ስለሆኑ የፊደል አራሚ ምንም አያሰምርበትም፣ ሻጮቹ ግን ከብዙ ወደ አንድ ይለወጣሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም ስሞችን፣ ግሦችንና ቀኖችን ከምስሉ ጋር ቃል በቃል ማመሳከር፣ በአኃዝ የተጻፈውንም የገንዘብ መጠን በፊደል ከተጻፈው ጋር ማነጻጸር ይገባል። ቅጥያዎቹ በምስሉም ላይ ካልታዩ፣ ምስሉን ማጉላት የጠፋውን ስለማይመልስ፣ ዋናው ወረቀት በ300 ዲፒአይ ጥራት እንደገና በስካን ይነሣ።